አንድ የሂሳብ ሠራተኛ፣ ሁለት ሲቪ፦ ከገላን ለዱባይና ለናይሮቢ ሳመለክት ያወጣሁት፣ ያዘዋወርኩትና የጨመርኩት

የምሠራው ገላን ውስጥ ባለ የፕላስቲክ ማሸጊያ ፋብሪካ ነው፤ የአቅራቢዎች ሂሳብና ክፍያ ላይ። የምኖረው እዚያው አቅራቢያ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከአገር ውጭ ሁለት ቦታ አመልክቼ ነበር። አንደኛው ዱባይ፣ ጀበል አሊ ነፃ ቀጠና ያለ አስመጪና አከፋፋይ ድርጅት ሲሆን ሌላኛው ናይሮቢ ቢሮ ያለው የእርዳታ ድርጅት ነው። ለሁለቱም የላክሁት የራሴን ታሪክ ነው፤ አንድም የተጋነነ ነገር የለበትም። ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ግን የአንድ ሰው ናቸው ብሎ የሚገምት ያለ አይመስለኝም። የሂሳብ ሙያ ላይ ሆናችሁ ወደ ውጭ ለማመልከት የምታስቡ ካላችሁ፣ ምኑን አውጥቼ ምኑን እንዳስገባሁና ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የአገር ቤቱ ሲቪያችን ለምን እንደዚያ እንደሆነ መረዳት ይጠቅማል። እኛ ጋ ማመልከቻ የሚጣራው ብዙውን ጊዜ በሰንጠረዥ ነው፦ ዲግሪ አለ ወይስ የለም፣ ውጤቱ ስንት ነው፣ የሥራ ልምዱ ስንት ዓመት ይሆናል፣ ኮፒው ተያይዟል? ስለዚህ ሲቪያችን የፋይል መክፈቻ ሆኖ ነው የተሠራው። የሽፋን ገጽ አለው፣ ጾታና ሃይማኖት አለው፣ ቀበሌና የቤት ቁጥር አለው፣ ትምህርቱ ከአንደኛ ደረጃ ይጀምራል፣ የአሥረኛ ክፍል ውጤት ሳይቀር ይሰፍራል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ከላይ የሰጠሁት መረጃ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» ተብሎ ይፈረማል። እዚህ ይህ ሁሉ ሥራ አለው። ውጭ የሚያነበው ሰው ግን ኮፒ አልተላከለትም፣ ነጥብም አይደምርም። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ይህች ሴት የእኔን ሥራ አሁን እየሠራች ነው ወይ?

ሻርጃ ያለ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ለክፍሉ ሠራተኛ ሲፈለግ ሲቪ ያነባል። ረቂቄን ልኬለት ሲመልስልኝ፣ «እህቴ፣ እኔ መጀመሪያ የማየው አሁን ያለሽበትን ሥራና የምትሠሪበትን ፕሮግራም ነው። ያንቺ ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው ያለው። እዚያ ድረስ አልሄድም» አለኝ። አነጋገሩ ትንሽ ይከብዳል፤ ግን እውነቱን ነው።

ስለዚህ በመቁረጥ ጀመርኩ። የሽፋን ገጹ፣ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት፣ የብሔራዊ ፈተና ውጤት፣ ሃይማኖት፣ ቀበሌ፣ «ማንበብና ሙዚቃ ማዳመጥ» የሚለው፣ ማረጋገጫውና ፊርማው ወጡ። የመመረቂያ ነጥቤንም አወጣሁት። ነጥቡ መጥፎ አይደለም፤ ግን ብዙ ዓመት የሠራ ሰው በነጥብ አይለካም፣ ከዚያም በላይ 3.2 የሚለው ቁጥር ብቻውን ከ4 ይሁን ከ5 አንባቢው አያውቅም። አዲስ ተመራቂ ከሆናችሁ ግን ተዉት፤ «ከ4.00» ብላችሁ መለኪያውን ጻፉበት። አድራሻዬ «አዲስ አበባ፣ ኢትዮጵያ» ብቻ ሆነ፤ ስልኩ በ+251 ይጀምራል። ስሜን ፓስፖርቴ ላይ ባለው የላቲን አጻጻፍ፣ በዚያው ቅደም ተከተል ጻፍኩት። የእኛ ስም በላቲን ፊደል በየወረቀቱ የተለያየ መልክ ይይዛል፤ ዲግሪው በአንድ አጻጻፍ፣ የልምድ ደብዳቤው በሌላ ሊሆን ይችላል። ቪዛ የሚወጣው በፓስፖርቱ ስለሆነ ሲቪውም እሱን ቢከተል ይሻላል።

ይህ ሁሉ የቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ የሥራ ልምዱ ነው።

የዱባዩ ማስታወቂያ የሚጠይቀው ባጭሩ አራት ነገር ነበር፦ የአቅራቢዎችን ስቴትመንት ማስታረቅ፣ ኢንቮይስን ከግዢ ትዕዛዝና ከመጋዘን መረከቢያ ጋር ማመሳከር፣ በውጭ ምንዛሪ ከሚከፈላቸው አቅራቢዎች ጋር መሥራት፣ የወር መጨረሻ መዝጊያ። የእኔ የድሮ ሲቪ ደግሞ ከሥራ መደብ መግለጫዬ ላይ እንዳለ የተገለበጠ ነበር፦ «ክፍያዎች በወቅቱ መፈጸማቸውን ያረጋግጣል፣ ሲፒቪና ጂአርቪ ያዘጋጃል፣ ፔሮል ይሠራል፣ የጡረታ መዋጮ ገቢ ያደርጋል፣ ከቅርብ ኃላፊው የሚሰጡትን ሌሎች ሥራዎች ያከናውናል»። ስምንተኛው ወይም ዘጠነኛው ተራ ላይ «የኤልሲ ሰነዶችን ይከታተላል» የሚል ነበረበት።

ይህ የኤልሲው ተራ ነው ወደ ላይ የወጣው። ፋብሪካችን የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃውን የሚያስመጣው ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ነው። ባንክ ለሻጩ የክፍያ ዋስትና የሚሰጥበት ኤልሲ ይከፈታል ወይም ክፍያው ሰነድ ሲቀርብ ይፈጸማል፤ ዕቃው በጅቡቲ አድርጎ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይገባል፤ የእኔ ሥራ የአቅራቢውን ኢንቮይስ፣ የጭነት ሰነዱንና የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን አመሳክሬ፣ ማጓጓዣውን፣ ኢንሹራንሱንና ቀረጡን ጨምሬ ዕቃው መጋዘን እስኪገባ የወጣበትን ዋጋ ማውጣት ነው። እኛ ጋ ይህ ተራ የቀን ሥራ ነው፤ ማንም «ችሎታ» ብሎ አይቆጥረውም። ለዱባይ አስመጪ ግን የሥራው ልብ ነው። በሌላው ጫፍ የሚቀመጠው ሻጭ ወይም አከፋፋይ እሱ ስለሆነ፣ ሰነዱ ሲዘገይና ስህተት ሲኖርበት ምን እንደሚመጣ ያውቃል። አሁን ባለሁበት ሥራ ሥር የመጀመሪያው ተራ ይህ ሆነ፣ ከዚያ ማስታረቁ፣ ከዚያ ማመሳከሩ፣ ከዚያ የወር መዝጊያው። ፔሮልና ጡረታ አንድ ተራ ውስጥ ተጠቃለሉ። «የሚሰጡትን ሌሎች ሥራዎች» ጠፋ።

ምህጻረ ቃላቱንም ፈታኋቸው። ሲፒቪ፣ ጂአርቪ፣ ኤስአይቪ እያልን የምንጠራቸው ወረቀቶች እኛ ፋብሪካ ለፋብሪካ ስንነጋገር ይገቡናል፤ ሌላ ቦታ ስማቸው ይለያያል። ስለዚህ የወረቀቱን ስም ትቼ ሥራውን ጻፍኩ፦ የክፍያ ሰነድ ማዘጋጀት፣ የመጋዘን መረከቢያን ከኢንቮይስ ጋር ማመሳከር። የሂሳብ ፕሮግራሙ ላይ ደግሞ የሚገርም ነገር አለ። እኛ ዛሬም «ፒችትሪ» ነው የምንለው፤ ማስታወቂያም ላይ እንደዚያው ይወጣል። ኩባንያው ግን ስሙን ወደ ሴጅ 50 ከቀየረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ውጭ ያለ ሰው፣ ወይም ሲቪ የሚያጣራ ፕሮግራም፣ የሚፈልገው አዲሱን ስም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ሴጅ 50፣ ቀድሞ ፒችትሪ» ብዬ ሁለቱንም አስገባሁ። ኤክሴል ላይ «በጣም ጥሩ» ከማለት ይልቅ የምጠቀምበትን ጻፍኩ፦ `VLOOKUP`፣ `SUMIFS`፣ ፒቮት ቴብል፣ ለስቴትመንት ማስታረቂያ የሠራሁት ቅጽ።

ቁጥር ማስገባት ግድ ነው፤ የትኛውን ቁጥር የሚለው ግን ማሰብ ይፈልጋል። በዓመት ይህን ያህል ሚሊዮን ብር ክፍያ አስተናግዳለሁ ማለት እችል ነበር። ነገር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያው ሥራ፣ ያው ብር፣ በዶላር ሲቀየር ግማሽ ሆነ ማለት ነው። የብር ቁጥር ብጽፍ አንባቢው በዛሬው ተመን ቀይሮ ሥራዬን አሳንሶ ያየዋል፤ በድሮው ተመን ወደ ዶላር ቀይሬ ብጽፍ ደግሞ እኔው እጠየቅበታለሁ። ስለዚህ ተመን የማይነካቸውን መረጥኩ፦ ወደ 90 የሚሆኑ አቅራቢዎች፣ በወር 250 አካባቢ ኢንቮይስ፣ ወሩ ባለቀ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ መዝጋት። ተመኑ ሲዘል ገና ያልተከፈሉ የዶላር ኢንቮይሶችን ሂሳብ በአዲሱ ተመን መልሼ ማስላቴን ግን ለብቻው አንድ ተራ ሰጠሁት። ዲርሃም ከ1997 ጀምሮ ከዶላር ጋር በቋሚ ተመን የታሰረ ስለሆነ እዚያ ያለ የሂሳብ ሰው እንዲህ ያለ ወር ብዙ አላየም። በቃለ መጠይቁ ላይ ረጅም ጊዜ የወሰድነውም በዚሁ ጉዳይ ነበር።

ቫት ላይ ጠንቀቅ አልኩ። የእኛ 15 በመቶ ነው፣ እኔም የማዘጋጀው ወርኃዊ ሪፖርት ነው። የኤምሬትስ 5 በመቶ ሲሆን የተጀመረው በ2018 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። «ቫት አውቃለሁ» ብሎ ብቻ መጻፍ የእነሱን የማውቅ ያስመስላል፤ አንድ ጥያቄ ቢጠይቁኝ ደግሞ ይጋለጣል። «የኢትዮጵያ ቫትና ዊዝሆልዲንግ ወርኃዊ ሪፖርት» ብዬ የየትኛው አገር እንደሆነ ለየሁት። በግዢ ላይ የተከፈለውን ከሽያጩ ላይ ማቀናነሱ እዚያም እዚህም አንድ ስለሆነ፣ እሱን በማመልከቻ ደብዳቤው ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነካሁት።

የቀን ነገር የብዙዎቻችንን ሲቪ ያበላሻል። የልምድ ደብዳቤያችን በዓ.ም. ነው የሚጻፈው፣ ሲቪው በፈረንጅ ይሆናል። ብዙ ሰው ሁሉም ላይ ሰባት ይደምራል ወይም ሁሉም ላይ ስምንት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የመጨረሻ ሳምንት መግቢያ ድረስ የሚደመረው ሰባት ነው፤ ከታኅሣሥ 22 ወይም 23 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን ስምንት ነው። የእኔን ውሰዱ። የመጀመሪያ ሥራዬን የለቀቅሁት ግንቦት 2011 ነው፣ ፋብሪካው የገባሁት ጥቅምት 2012። በትክክል ሲቀየር ሜይ 2019 እና ኦክቶበር 2019 ይሆናል፤ መሐሉ አምስት ወር ነው። ሁሉም ላይ ሰባት ቢደመር ሜይ 2018 እና ኦክቶበር 2019 ይመጣል፤ ሁሉም ላይ ስምንት ቢደመር ሜይ 2019 እና ኦክቶበር 2020። በሁለቱም መንገድ አምስቱ ወር ወደ አሥራ ሰባት ወር ያድጋል፤ አንባቢው «ይህችን ሁሉ ጊዜ የት ነበረች?» ይላል። አምስቱን ወር እናቴን ሳስታምም ነበር፤ ሲቪው ላይ አላብራራሁትም፣ ቢጠይቁኝ እናገራለሁ ብዬ ተውኩት። የበጀት ዓመትም እንዲሁ ነው። «የ2015 ሂሳብ ኦዲት ሲደረግ ሠርቻለሁ» ብዬ ብጽፍ፣ ፈረንጁ ገና ተማሪ የነበርኩበትን ዘመን ነው የሚያስበው። እኛ የ2015 በጀት ዓመት የምንለው በእነሱ ከጁላይ 8 ቀን 2022 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2023 ያለው ነው፤ እንደዚያው ብዬ ጻፍኩት።

ለዱባዩ የጨመርኩት ደግሞ አገር ቤት ማንም የማይጽፈውን ነው። ባሕረ ሰላጤው ላይ ቀጣሪው ቪዛውን ራሱ ስለሚያወጣ መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው የት እንዳለሁና መቼ እንደምደርስ ነው። ስለዚህ ከስሜ ሥር ዜግነት፣ «አሁን ኢትዮጵያ ውስጥ ነኝ፣ የሥራ ቪዛ ያስፈልገኛል»፣ ፓስፖርቴ እስከ መቼ እንደሚያገለግል፣ ሥራ ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስታወቂያ እንዳለብኝ ጻፍኩ። ሠላሳው ቀን ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ከ1156/2011 ነው የመጣው። ፎቶም አስገባሁ፤ እዚያ የተለመደ ነው። ቋንቋ ላይ አማርኛ፣ እንግሊዝኛና ኦሮምኛ። የፓስፖርት ኮፒ ግን ከሲቪ ጋር አይላክም። ቅጥሩ ሳይቆርጥ ኮፒ ወይም የ«ማስኬጃ» ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ተዉት፤ በኤምሬትስ ሕግ የቅጥር ወጪን ሠራተኛው ላይ መጣል የተከለከለ ነው። ያነጋገረኝ ድርጅት ሁለት ጊዜ በቪዲዮ ጠይቆኝ በመጨረሻ እዚያው ዱባይ ያለ ሰው ወሰደ። አልገረመኝም፤ ቪዛ ያለው ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ይጀምራል።

የናይሮቢው ማስታወቂያ ሲወጣ ያንኑ ሲቪ መላክ ይቀል ነበር፤ ግን እንዳለ ሊሆን አልቻለም። የሚፈልጉት የለጋሾች ሪፖርት የሚያዘጋጅ፣ በጀትን ከወጪ ጋር የሚያነጻጽር፣ ለኦዲት ሰነድ የሚያደራጅ ሰው ነው። ከዚህ ውስጥ ፋብሪካው ያስተማረኝ ኦዲቱን ብቻ ነው። ሌላውን የሠራሁት ከዚያ በፊት፣ ሰበታ በሚገኝ አንድ የአገር ውስጥ በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ነው። የዱባዩ ሲቪ ላይ ይህ ሥራ ሁለት ተራ ብቻ ነበረው።

አንዳንድ ሰው እንዲህ ሲሆን የቆየውን ሥራ ወደ ላይ ያወጣዋል። እኔ አልመክርም። ቀኖቹ ከአዲሱ ወደ አሮጌው መሄድ አለባቸው፤ ያ ሲገለበጥ አንባቢው አንድ የተደበቀ ነገር ይፈልጋል። የሚቀየረው ቦታው ሳይሆን ክብደቱ ነው። ፋብሪካው ከላይ እንዳለ ሆኖ ወደ ሦስት ተራ አጠረ፦ የወር መዝጊያ፣ የውጭ ኦዲተሮችን ማስተናገድ፣ ማስታረቅ። ኤልሲውና የሞጆው ነገር ሁሉ፣ ለዱባይ ልብ የነበረው፣ ወጣ። የሰበታው ሥራ ደግሞ ስድስት ተራ ሆነ፤ ከእነሱ ውስጥ፦ በየሩብ ዓመቱ ለሁለት ለጋሾች የሚላክ የፋይናንስ ሪፖርት፣ የበጀትና የወጪ ንጽጽር፣ የጋራ ወጪን ለየፕሮጀክቱ ማከፋፈል፣ ለመስክ ሠራተኞች የሚሰጥ ቅድሚያ ክፍያን ማወራረድ።

አንዱ ተራ ማብራሪያ ፈልጎ ነበር። እኔ ስሠራ አብዛኛውን ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው የቀድሞው የበጎ አድራጎት አዋጅ 621/2001 ነው፤ የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድብ ነበር። በኋላ የወጣው 1113/2011 ወደ 20 አወረደው። እኛ «ሰባ ሠላሳ» ስንል ሁሉም ይገባዋል፤ ናይሮቢ ያለ ሰው ግን ምንም አይገባውም። «የአስተዳደር ወጪ በሕግ ከተፈቀደው 30 በመቶ እንዳያልፍ በየወሩ እከታተል ነበር» ሲባል ግን፣ ለጋሽ በሚያስቀምጠው የወጪ ጣሪያ ውስጥ መሥራት የለመድኩ ሰው መሆኔን ያያል።

ፎቶው፣ የፓስፖርቱ ጉዳይና የትውልድ ቀኑም ለናይሮቢ ወጡ። የእርዳታ ድርጅቶች እነዚህን ማየት ብዙም አይፈልጉም፤ በዜግነትና በሥራ ፈቃድ ላይ የሚጠይቁት ካለ በራሳቸው ቅጽ ላይ ይጠይቃሉ። በዚያ ቅጽ ላይ የሚሞሉት ቀኖች ከሲቪው ጋር በወር ደረጃ መግጠም አለባቸው። የፋይሉ ስምም ለየቅል ነው፦ አንዱ `CV_AP_Accountant.pdf`፣ ሌላው `CV_Finance_Officer.pdf`፤ የሥራ መደቡ ስም ከማስታወቂያው የተወሰደ ነው። ናይሮቢዎቹ ለጽሑፍ ፈተና ጠርተውኛል፤ ፈተናው የበጀትና የወጪ ንጽጽር ነበር፣ ውጤቱን እየጠበቅሁ ነው።

የምስክሮችን ስልክ ከሁለቱም አወጣሁ። አለቃዬ እንደማመለክት አያውቁም ነበር፤ ሲቪው ላይ ቁጥራቸው ቢኖር ከእኔ ቀድሞ የሚነግራቸው ያልታወቀ ስልክ ደዋይ ይሆናል። የቀድሞ ሥራ አስኪያጄን ግን አስቀድሜ ደውዬ አስፈቅጃቸዋለሁ፤ ሲጠየቅ ብቻ ነው የምልከው።

የልምድ ደብዳቤን በተመለከተ፣ ቅጥር እስኪመጣ አትጠብቁ። ውጭ ያለው ቀጣሪ ውል ከማድረጉ በፊት ይጠይቃል፣ ያኔ ደብዳቤው «የሂሳብ ሠራተኛ፣ ከጥቅምት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ» ብቻ ብሎ በአማርኛ ከሆነ ሲቪው ላይ ካለው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ከቀድሞው ድርጅት በእንግሊዝኛ፣ በሁለቱም አቆጣጠር ቀኑ ተጽፎ፣ ከመደቡ ስም ሥር ዋና ዋናዎቹ ሥራዎች ተዘርዝረው እንዲሰጠኝ ጠየቅሁ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ «ዝርዝሩን ራስሽ ጽፈሽ አምጪ፣ እኔ ከፋይልሽ ጋር አመሳክሬ እፈርማለሁ» አሉኝ። ሲቪዬ ላይ የነበሩትን ስድስቱን ተራዎች በዚያው ቃል ጽፌ ወሰድኩ። ከስድስቱ አንዱ፣ የጋራ ወጪ ማከፋፈሉ፣ ፋይሌ ውስጥ ባለው የሥራ መደብ መግለጫ ላይ አልነበረም፤ እሳቸውም ወደ ቀድሞ ሥራ አስኪያጄ ደውለው ካረጋገጡ በኋላ ፈረሙልኝ።